አጭር የአማርኛ ንግግር በእንግሊዝኛ ሰብታይትል፦ ጊዜውን ማራዘም፣ ቃሉን ማሳጠር፣ ማጣመር ወይስ መተው?

አማርኛ አድራጊውን፣ ተደራጊውን፣ አሉታውንና ጊዜውን በአንድ ግስ ውስጥ ስለሚጠቀልል፣ ፈጣን ምልልስ ወደ እንግሊዝኛ ሰብታይትል ሲመለስ ቦታም ጊዜም ይጠብባል። «አልነገርካትም?» የሚለው ጥያቄ ከአፍ ለመውጣት አንድ ሰከንድ እንኳ አይፈጅም፤ እንግሊዝኛው ግን አራት ቃላት ይፈልጋል፣ ክፍተቱና ሥርዓተ ነጥቡ ሲታከሉበትም 20 ካራክተር ይሆናል። እንዲህ ያለው መስመር ሲገጥም ተርጓሚው ያሉት መንገዶች አራት ናቸው። ጽሑፉ ድምፁ ካቆመ በኋላም እንዲቆይ ጊዜውን ማራዘም፣ እንግሊዝኛውን ማሳጠር፣ ከጎረቤቱ መስመር ጋር በአንድ ሰብታይትል ማጣመር፣ ወይም ጨርሶ ሳይተረጉሙ መተው። ከእነዚህ አንዱን ለመምረጥ ብዙዎች የመስመሩን ርዝመት ብቻ ያያሉ። በእኔ ግምት ግን ምርጫውን የሚወስነው ከመስመሩ ቀጥሎ ባለው አንድ ሰከንድ ውስጥ የሚሆነው ነገር ነው፤ ዝምታ ነው ወይስ ሌላ ሰው ይናገራል፣ የሚናገርስ ከሆነ መልሱ ቀድሞ ቢታወቅ ጉዳት አለው ወይስ የለውም?

ንጽጽሩ በቁጥር እንዲደገፍ በመጀመሪያ ገደቦቹን ማስቀመጥ ያስፈልጋል። የኔትፍሊክስ የእንግሊዝኛ መመሪያ በአንድ መስመር እስከ 42 ካራክተር፣ በአንድ ጊዜ ከሁለት መስመር ያልበለጠ፣ ለአዋቂዎች በሰከንድ እስከ 20፣ ለልጆች እስከ 17 ካራክተር ይፈቅዳል፤ አንድ ሰብታይትል ከአምስት ስድስተኛ ሰከንድ ባነሰና ከ7 ሰከንድ በላይ በሆነ ጊዜ እንዳይታይም ያዛል። ቢቢሲ በበኩሉ ፍጥነትን በቃል ቆጥሮ በደቂቃ ከ160 እስከ 180 ቃላትን ሲመክር ኖሯል፤ በቴሌቴክስት ዘመን የመስመሩ ገደብ 37 ካራክተር ነበር። አሠሪው ሌላ ቁጥር ካልሰጠ እኔ በሰከንድ 17ን እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም አማርኛ የማይሰማ ተመልካች ከንግግሩ ቃና ብዙም ሳይታገዝ ማንበብ አለበት፣ በዚያው ቅጽበትም ምስሉን ማየት ይፈልጋል። ካራክተር ሲባል ፊደሉ ብቻ ሳይሆን ክፍተቱም፣ ነጥቡም፣ የጥያቄ ምልክቱም ይቆጠራል።

ስሌቱ ቀላል ነው። መስመሩ በስክሪን ላይ ሊቆይ የሚችልበትን ጊዜ በሰከንድ ለክቶ በ17 ማባዛት፣ የሚወጣው ቁጥር የካራክተር በጀት ነው። በጀቱን ከመተርጎም በፊት ማወቅ፣ ረጅም ትርጉም ጽፎ ቆይቶ ከመቀንጠስ ይሻላል። ጊዜው የሚለካው ግን ከድምፁ ሞገድ ላይ ነው እንጂ የአማርኛውን ፊደል በመቁጠር አይደለም። «አልነገርካትም» በፊደል ስምንት ነው፤ እያንዳንዱ ፊደላችን ተነባቢውን ከአናባቢው ጋር ስለሚይዝ ቁጥሩ ከእንግሊዝኛው ፊደል ጋር ለንጽጽር አይቀርብም፣ በምን ያህል ፍጥነት እንደተነገረም አይገልጽም።

አራቱን መንገዶች በአንድ ትዕይንት ላይ እንሞክራቸው። ትዕይንቱ ለዚህ ጽሑፍ የተዘጋጀ ነው፤ ፒያሳ፣ ከአራዳ ጊዮርጊስ ወረድ ብሎ ባለ አንድ ቡና ቤት አንዲት ሴትና የእህቷ ልጅ ተቀምጠዋል፤ ንግግሩ የሚጀምረው በአክስቲቱ ነው። ፊልሙ በሰከንድ 25 ፍሬም ስለሚሄድ አንድ ፍሬም 40 ሚሊሰከንድ ነው፤ በሁለት ተከታታይ ሰብታይትሎች መካከል ቢያንስ የሁለት ፍሬም፣ ማለትም የ80 ሚሊሰከንድ ክፍተት ይቀመጣል። አክስቲቱ «አልነገርካትም?» ስትል ድምፁ 0.80 ሰከንድ ይፈጃል። ልጁ «ልነግራት ነበር።» ሲል 0.92። እሷ «ኧረ ተው!» ስትል 0.48፣ ወዲያውም «እሷ እኮ ሰምታለች።» ስትል 1.12። እሱ «ማን ነገራት?» ብሎ ሲጠይቅ 0.68፤ ከዚያ ከአንድ ሰከንድ የሚበልጥ ዝምታ ይሆንና አክስቲቱ ሲኒዋን አስቀምጣ «ሰፈሩ በሙሉ።» ትላለች፣ 0.92። ይህን ሁሉ ሳይቀንሱ ቢተረጉሙት የሚከተለው ይወጣል፦

```
You didn't tell her?
I was going to tell her.
Oh, come on!
She's already heard about it.
Who told her?
The whole neighborhood.
```

እንግሊዝኛው ስህተት የለበትም። ሆኖም እያንዳንዱ መስመር በተነገረበት ጊዜ ልክ ቢቀመጥ ከ«ማን ነገራት?» በቀር ሁሉም በሰከንድ 25 ወይም ከዚያ ጥቂት በላይ ካራክተር ያስነብባሉ፤ እሱም ቢሆን 19 ይደርሳል። ሁሉም መስመሮች የ17ቱን ገደብ ያልፋሉ ማለት ነው፤ አንዳቸውም ግን ከ30 ካራክተር አይበልጡም። ችግሩ የመስመር ስፋት ሳይሆን ጊዜ መሆኑ ከዚህ ይታያል፤ የ42 ካራክተሩ ገደብ በዚህ ትዕይንት አንድ ጊዜ እንኳ አይነካም።

መጀመሪያ ጊዜ ማራዘምን እንይ። ከአራቱ መንገዶች ቃልም የማያስጠፋው፣ መልስንም ቀድሞ የማያሳየው ይህ ብቻ ስለሆነ ሁልጊዜ አስቀድሞ መሞከር ያለበት እሱ ነው። ይሁን እንጂ የሚሠራው ከንግግሩ በኋላ ዝምታ ሲኖር ነው። ከ«አልነገርካትም?» ቀጥሎ የልጁ ድምፅ የሚመጣው ከ0.16 ሰከንድ በኋላ ነው፤ የሁለቱ ፍሬም ክፍተት ሲቀነስ ለጽሑፉ የሚቀረው 0.88 ሰከንድ፣ በጀቱም 14 ካራክተር ይሆናል። 20 ካራክተር እዚያ አይገባም። ጽሑፉን በልጁ ንግግር ላይ ማሳለፍ ደግሞ ከፍጥነት የባሰ ጉዳት ያመጣል፤ አማርኛ የማያውቅ ተመልካች የሚያነበውን የሚሰጠው አፉ ለሚንቀሳቀሰው ሰው ነውና አክስቲቱ የጠየቀችውን ልጁ የጠየቀው ይመስለዋል። በአንጻሩ «ማን ነገራት?» እና «ሰፈሩ በሙሉ።» ዝምታ ስለሚከተላቸው ማራዘም ብቻውን ይበቃቸዋል። የመጀመሪያው ወደ 1.08 ሰከንድ ቢዘልቅ ፍጥነቱ ወደ 12 ይወርዳል፤ ሁለተኛው 1.40 ሰከንድ ቢቆይ 16.4 ይሆናል። ዝምታው ረጅም ቢሆንም ጽሑፉን እስከ መጨረሻው አለማስቀመጥ ይመረጣል፤ አንብቦ የጨረሰ ሰው ጽሑፉ ካልጠፋለት እንደገና ማንበብ ይጀምራል፣ የተዋናዩን ፊትም ያልፈዋል። ከድምፁ በኋላ ግማሽ ሰከንድ ያህል መጨመር ለእንዲህ ያለ አጭር መስመር ብዙ ጊዜ በቂ ነው።

ሁለተኛው መንገድ ማሳጠር ነው፤ ብዙ ተርጓሚዎች የሚጀምሩት ከዚህ ነው፣ እኔ ግን ሁለተኛ አደርገዋለሁ። የሚቀነሰው ነገር ከፊተኛው መስመር የታወቀ ወይም በምስሉ ላይ የሚታይ መሆን አለበት። «ልነግራት ነበር» የተባለው «አልነገርካትም?» ለተባለው መልስ ስለሆነ መንገሩም፣ የሚነገራትም ሴት ቀድመው ተጠቅሰዋል፤ ስለዚህ 24 ካራክተር የነበረው ሐሳቡን ብቻ ይዞ ወደ 11 ሊወርድ ይችላል፦

```
I meant to.
```

ይህ በ0.92 ሰከንድ ውስጥ በሰከንድ 12 ካራክተር ብቻ ያስነብባል፤ እንግሊዝኛ ተናጋሪም በዚያ ቦታ የሚለው እንዲሁ ነው። የጥያቄው መስመር ግን በዚህ መንገድ አይድንም። አሉታውን ብቻ ይዞ በሁለት ቃል ማስቀረት ይቻላል፣ በጀቱም ውስጥ ይገባል፤ ነገር ግን ትዕይንቱ የሚከፈተው በዚህ ጥያቄ ስለሆነ ምን እንዳልተደረገ ተመልካቹ ከየትም ሊያገኘው አይችልም። የአማርኛው ግስ መንገርንም እሷንም በውስጡ ስለያዘ አጥሯል፤ እንግሊዝኛው ካጠረ ግን ሁለቱም ይጠፋሉ። ሌላው ልማድ አስፈላጊ ባልሆነበት ቦታ ማሳጠር ነው። «ሰፈሩ በሙሉ»ን «ሁሉም ሰው» በሚል አንድ የእንግሊዝኛ ቃል መተካት 9 ካራክተር ያደርገዋል፤ ሆኖም ዝምታው ጊዜ እየሰጠ ሳለ ሰፈርን የመሰለ ነገር መጣል አያስፈልግም። ጎረቤት ሁሉ መስማቱና በጥቅሉ ሰው መስማቱ ለዚህ ልጅ አንድ አይደሉም።

ሦስተኛው ማጣመር ነው። ሁለት ዓይነት አለው፤ የአንድ ሰው ሁለት ተከታታይ አጫጭር ንግግሮችን በአንድ ሰብታይትል ማኖር፣ ወይም የሁለት ሰዎችን ምልልስ እያንዳንዱን በሰረዝ ጀምሮ በሁለት መስመር መደርደር። ጥቅሙ ሁለት ነው፤ በመካከል የሚባክነው ክፍተት ይድናል፣ ያጠረው መስመር የተረፈውን ጊዜ ለረዘመው ያበድራል። ጥያቄው 20 ካራክተር እንደሆነ ቢቆይና ያጠረው መልስ ከታች ቢጨመርበት፣ ሰረዞቹን ጨምሮ 33 ካራክተር ይሆናሉ፤ ከጥያቄው መጀመሪያ እስከ መልሱ መጨረሻ ያለው ጊዜ 1.88 ሰከንድ ነው። ፍጥነቱ 17.6 ስለሚሆን ጥቂት ያልፋል፤ ሰብታይትሉ ድምፁን ሁለት ፍሬም ቀድሞ ቢጀምር ግን 1.96 ሰከንድ ይሆንና ወደ 16.8 ይወርዳል። የሁለት ፍሬም መቅደምን ዓይን አይለየውም።

የማጣመር ዋጋው መልሱ ሳይነገር መነበቡ ነው። በዚህኛው ጥንድ ተመልካቹ የልጁን መልስ ከአንድ ሰከንድ ገደማ በፊት ያየዋል፤ መልሱ ግን ተራ ማመካኛ ነው፣ ቀድሞ መታወቁ ምንም አያበላሽም። «ማን ነገራት?» እና «ሰፈሩ በሙሉ።» ቢጣመሩ ግን ትዕይንቱ ይሞታል፤ 1.2 ሰከንዱ ዝምታ የተቀመጠው ልጁም ተመልካቹም አብረው እንዲጠብቁ ነው። በቁጥር ብቻ ሲታይ ይህ ጥምር ከሌላው ሁሉ የተመቸ ፍጥነት ይሰጣል፤ ለዚህ ነው የሰብታይትል መሥሪያ ፕሮግራሙ ቀይ ምልክት አላሳየም ብሎ መርካት የማይበቃው። ቀልድ፣ መርዶ፣ የተደበቀ ስም፣ የጋብቻ ጥያቄ መልስ፣ እነዚህ ሁሉ የሚጣመሩ አይደሉም። ጊዜው ከጠበበ በእነሱ ምትክ ከፊት ያለውን መስመር ማሳጠር ይሻላል።

አራተኛው መተው ነው። በትዕይንታችን ለዚህ የሚታጨው «ኧረ ተው!» ነው፤ 0.48 ሰከንድ ከዝቅተኛው የመቆያ ጊዜ ያነሰ ስለሆነ ብቻውን ሰብታይትል ሊሆን አይችልም። እሱ ቢተው የመጀመሪያው ጥምር እስከ አራተኛው ንግግር ደጃፍ ድረስ 2.44 ሰከንድ ሊዘልቅ ይችላልና ፍጥነቱ 13.5 ይሆናል፤ የአክስቲቱ ፊትና ቃና ማመካኛውን አለመቀበሏን ያሳያሉ ተብሎም ሊታሰብ ይችላል። የዚህ መንገድ ደካማ ጎን በአዲስ አበባ አዳራሾች ጎልቶ ይታያል። እዚያ የእንግሊዝኛ ሰብታይትል ያለበት የአማርኛ ፊልም ሲታይ ሁለቱንም ቋንቋ የሚያውቁ ተመልካቾች አይጠፉም፤ እነሱ ጆሯቸው የሰማውን ዓይናቸው ይፈልገዋል፣ ያጠረ ትርጉም ያልፋቸዋል፣ የጠፋ ንግግር ግን ወዲያው ይታወቃቸዋል። ከዚህም በላይ «ኧረ ተው» ሳይኖር የሚቀጥለው መስመር እንዲሁ ወሬ ማቀበል ይመስላል፤ ከእሱ ጋር ሲሆን ግን ልጁን ዝም የሚያሰኝ መልስ ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ ከመተው ይልቅ የዚያው ተናጋሪ ከሆነው ከአራተኛው ንግግር ጋር ማጣመርን መርጫለሁ።

መተው በትክክል የሚሠራባቸው ቦታዎች ሌሎች ናቸው። «እሺ፣ እሺ፣ እሺ» ሲደጋገም አንዱ ይበቃል። «ጋሼ» እና «እትዬ» ግንኙነቱን ለማሳየት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲመጡ ይቆዩ፣ ከዚያ በኋላ ጊዜ ሲጠብ መጀመሪያ የሚወጡት እነሱ ይሁኑ። ሁለት ሰዎች ታክሲ ውስጥ ሲነጋገሩ ከኋላ ወንበር «ወራጅ አለ!» የሚል ድምፅ ቢሰማ የመንገድ ድምፅ ነውና ሰብታይትሉን ለተነጋጋሪዎቹ መተው ነው፤ የሚወርደው ከሁለቱ አንዱ ከሆነና ውይይቱን ለመሸሽ ያለው ከሆነ ግን ያ ጩኸት ከቀረው ንግግር ሁሉ ቀድሞ መተርጎም አለበት።

በዚህ ሁሉ ተመዝኖ ትዕይንቱ እንደሚከተለው ይሆናል፦

```
1
00:12:03,920 --> 00:12:05,880
-You didn't tell her?
-I meant to.

2
00:12:05,960 --> 00:12:07,840
Oh, please. She already knows.

3
00:12:07,920 --> 00:12:09,000
Who told her?

4
00:12:09,800 --> 00:12:11,200
The whole neighborhood.
```

ስድስት ንግግሮች አራት ሰብታይትል ሆነዋል፤ ፍጥነታቸው በተራ 16.8፣ 16፣ 12 እና 16.4 ነው። ሁለተኛው 30 ካራክተር ስለሆነ በንግግሩ ልክ በ1.68 ሰከንድ ቢቀመጥ ወደ 18 ይጠጋ ነበር፤ ከልጁ ጥያቄ በፊት ባለው ጥቂት ዝምታ ላይ 0.20 ሰከንድ ስለተራዘመ ገብቷል። አንድ መስመር ማጣመርንም፣ ማሳጠርንም፣ ማራዘምንም በአንድ ጊዜ ሊፈልግ እንደሚችል ይህ ያሳያል። በነገራችን ላይ አሠሪው የእንግሊዝ አጻጻፍ ከጠየቀ የመጨረሻው ቃል አንድ ፊደል ይጨምራል፣ ፍጥነቱም 17ን በጥቂቱ ያልፋል፤ ሁለት ፍሬም መጨመር ይፈውሰዋል።

ይህ መፍትሔ የሚፈርሰው ኤዲተሩ ሾቱን የቀየረበት ቦታ ሲያስገድድ ነው። አክስቲቱ እንደጨረሰች ምስሉ ወደ ልጁ ፊት የሚዞረው 07,720 ላይ ነው እንበል። ሰብታይትሉ የሾቱን ለውጥ ተሻግሮ ለጥቂት ፍሬም ቢቀር ዓይን አዲስ ጽሑፍ የመጣ መስሎት ወደ ታች ይመለሳል፤ ስለዚህ ከለውጡ ሁለት ፍሬም ቀድሞ 07,640 ላይ መጥፋት አለበት። ያ ያተረፍነውን 0.20 ሰከንድ ይወስደዋል፣ 30 ካራክተሩም አይገባም። ማራዘም ሲዘጋ የሚቀረው ማሳጠር ነው፤ «አስቀድማ» የሚለውን የሚይዘው ቃል ቢወጣ 22 ካራክተር ይቀራል፣ ፍጥነቱም ወደ 13 ይወርዳል፦

```
Oh, please. She knows.
```

የተቀነሰው ቃል «እኮ» ያለውን ጥቂት ግፊት ይዞ ነበር፤ የመጀመሪያው «ኧረ ተው» ስለቀረ ግን ግፊቱ ከመስመሩ አልጠፋም። የሾት ለውጦች ሳይለዩ የተሠራ ሰዓት ኋላ እንዲህ ስለሚፈርስ፣ ሰብታይትል መሥራት መጀመር ያለበት የምስሉ ቅንብር ከተቆለፈ በኋላ ነው።

ምርጫዎቹ ትክክል መሆናቸውን አማርኛ ተናጋሪ ተርጓሚ በራሱ ዓይን ማረጋገጥ ይከብደዋል፤ ንግግሩን ስለሚሰማ ያላነበበውንም ያነበበ ይመስለዋል። የሚሻለው ድምፁን ዘግቶ ፊልሙን ላላየ ሰው ማሳየት ነው። ተመልካቹ በትዕይንቱ መጨረሻ ማን ለማን ምን እንዳልነገረ፣ ወሬውንም ማን እንዳሰራጨው መናገር ከቻለ ፍጥነቱ በቂ ነው። ምስሉን ወደ ኋላ እንዲመለስለት ከጠየቀ የጠየቀበትን ሰብታይትል መዝግቦ በጀቱን እንደገና ማስላት ያስፈልጋል። ጥያቄውን የጠየቀው ልጁ ነው ካለ ግን ጥፋቱ የፍጥነት ሳይሆን የማጣመር ነው፤ ከአፍ እንቅስቃሴው ጋር ያልገጠመውን ሰብታይትል ለይቶ መክፈል ይገባል። ሰብታይትል ኤዲትን በመሰለ ነፃ ፕሮግራም ላይ የ17 ካራክተሩን ፍጥነት፣ የ42ቱን የመስመር ገደብ፣ 834 ሚሊሰከንዱን ዝቅተኛ ጊዜና 80 ሚሊሰከንዱን ክፍተት አስቀድሞ ማስገባት ቆጠራውን ከተርጓሚው ላይ ያነሳለታል፤ ፊልሙ በሰከንድ 24 ፍሬም የሚሄድ ከሆነ ክፍተቱ 83 ወይም 84 ሚሊሰከንድ መሆን እንዳለበት ብቻ ልብ ማለት ያሻል።